አሜሪካን ገዝቼ አየርላንድ ምን ሊሠራ መጣ?

*«ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ዱባይ ነው የምኖረው፤ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከደሞዜ እየቆጠብኩ በስልኬ አክሲዮን እገዛለሁ። ሁለት ኢቲኤፍ አለኝ፤ ሁለቱም የአሜሪካን 500 ትልልቅ ኩባንያዎች የሚከተሉ ናቸው። ስቴትመንቴ ላይ ግን የአንዱ አይሲን US ብሎ ይጀምራል፣ የሌላው IE። IE ማለት አየርላንድ ነው አሉኝ። እኔ መች አየርላንድን ገዛሁ? የቻይናው አሊባባ ደግሞ US ይላል። ሰሞኑን በቴሌግራም ያየሁት የኢትዮጵያ የዶላር ቦንድ XS ብሎ ይጀምራል። ET መሆን አልነበረበትም? ተሸውጄ ይሆን? የትኛውን ልያዝ፣ የትኛውንስ ልሽጥ? ስቴትመንቱን አያይዣለሁ።*

*ግራ የገባት፣ ከዱባይ»*

እህቴ፣ አልተሸወድሽም። የላክሽውን ስቴትመንት አየሁት፤ ሦስቱም ኮዶች ትክክል ናቸው። የቴሌግራሙም ኮድ ትክክለኛ ነው፤ ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ። ችግሩ ከሁለቱ ፊደላት ላይ የማይናገሩትን ነገር መጠበቅሽ ነው።

አይሲን ማለት የአንድ አክሲዮን፣ ፈንድ ወይም ቦንድ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ነው፤ ሁልጊዜ 12 ቦታ አለው። መጀመሪያ ሁለት ፊደል፣ ቀጥሎ ዘጠኝ ፊደልና ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ አንድ የመቆጣጠሪያ አኃዝ። ሁለቱ ፊደላት የአገር መለያ ናቸው። ኢቲኤፍ ገበያ ላይ እንደ አክሲዮን የሚሸጥ ፈንድ ነው፤ የአንቺን ሁለቱን ከፋፍለን ስናያቸው እንዲህ ናቸው፦

```
US 922908363 2
IE 00B5BMR08 7
```

የመጀመሪያው የቫንጋርድ ፈንድ ነው፤ በገበያ ምልክቱ `VOO` የሚባለው። ሁለተኛው የአይሼርስ ነው፤ ለንደን ላይ `CSPX` ይባላል። ፊደላቱ የሚነግሩሽ ሰነዱ በየት አገር መዝገብ እንደተወለደ ነው። ገንዘቡ የት እንደሚሠራ አይነግሩሽም።

የመኪና ታርጋን አስቢው። «ኦሮ» የሚል ታርጋ ያለው ታክሲ ዓመቱን ሙሉ ከሜክሲኮ አደባባይ ሳይወጣ ሊሠራ ይችላል። ታርጋው የሚነግርሽ የት እንደተመዘገበ እንጂ የት እንደሚውል አይደለም። የማን እንደሆነም አይነግርሽም።

ታዲያ የአይሼርሱ ፈንድ የአንድ ኩባንያ ክፍል ነው። የተቋቋመው በአየርላንድ ሕግ ነው፤ የሚቆጣጠረውም የአየርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ነው። ይህ የአየርላንድ ኩባንያ በባለገንዘቦቹ ብር የአፕልን፣ የማይክሮሶፍትን፣ የሌሎቹንም አክሲዮን ይገዛል። አንቺ የያዝሽው የአየርላንዱን ኩባንያ ድርሻ ነው። በቫንጋርዱ በኩል ደግሞ የያዝሽው በአሜሪካ የተቋቋመ ፈንድ ድርሻ ነው። ውስጣቸው ያሉት 500 ኩባንያዎች ያው ናቸው። ስለዚህ ዋጋቸው አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። «አሜሪካን ገዛሁ» ማለትሽ ስህተት አይደለም፤ አንዱን በቀጥታ፣ ሌላውን በአየርላንድ በኩል ገዛሽው እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳያምታታሽ። ስቴትመንትሽ ላይ ከ`CSPX` ጎን ገበያው ለንደን፣ ገንዘቡ ዶላር ይላል። አየርላንድ፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካ፤ ሦስት አገር በአንድ መስመር! ይህም ጤነኛ ነው። ይኸው ፈንድ ፍራንክፈርት በሚገኘው የዜትራ ገበያ `SXR8` ተብሎ በዩሮ ይሸጣል። ለንደን ላይ በፓውንድ ሲሸጥ ደግሞ ምልክቱ `CSP1` ነው። ምልክቱ በየገበያው ይለያያል፣ ገንዘቡም ይለያያል። አይሲኑ ግን በሁሉም ቦታ `IE00B5BMR087` ነው። ጀርመን ያለ ዘመድሽ «እኔ ያለኝ `SXR8` ነው» ቢልሽ አይሲኑን ጠይቂው። ኮዳችሁ አንድ ከሆነ የያዛችሁት አንድ ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄሽ። የትኛውን ልያዝ ላልሽው እነዚህ ሁለት ፊደላት እውነትም ትርጉም አላቸው፤ ምክንያቱም ግብር የሚከተለው ምዝገባን ነው። የአንቺ ጉዳይ ደግሞ ከብዙ ሰው ይልቅ በዚህ የሚነካ ነው። የምትኖሪው ኤምሬትስ ነው፤ ኤምሬትስ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት የላትም። ኢትዮጵያም የላትም።

ይህ በተግባር ምን ማለት መሰለሽ? `VOO` የትርፍ ድርሻ ሲከፍል ከአሜሪካ ፈንድ ለውጭ ሰው የሚወጣ ገንዘብ ነውና ከምንጩ 30 በመቶ ይቀነሳል። ሒሳብ ስትከፍቺ የሞላሽው W-8BEN የሚባል ቅጽ «እኔ አሜሪካዊት አይደለሁም፣ የምኖረው እዚህ ነው» የሚል ነው። አገርሽ ስምምነት ቢኖራት ኖሮ በዚያ ቅጽ ቅነሳው ዝቅ ይል ነበር። የላትም፤ ስለዚህ 30 ነው። ስቴትመንትሽ ላይ በየሦስት ወሩ ከዲቪደንዱ በታች በመቀነስ ምልክት የሚመጣው ቁጥር እሱ ነው።

የአየርላንዱ ፈንድ ግን ራሱ ነው ከአሜሪካ ኩባንያዎች ድርሻውን የሚቀበለው። አየርላንድ ከአሜሪካ ጋር ስምምነት አላት፤ በዚያ መሠረት የሚቀነሰው 15 በመቶ ነው። ቅነሳው የሚደረገው ፈንዱ ውስጥ ስለሆነ አንቺ በዓይንሽ አታዪውም። ከፈንዱ ወደ አንቺ ሲመጣ ደግሞ አየርላንድ ነዋሪዋ ያልሆነን ሰው ሁለተኛ አትቀንስም።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ በእያንዳንዱ ፈንድ 20,000 ዶላር አለሽ እንበል፤ ኩባንያዎቹ በዓመት 1.5 በመቶ የትርፍ ድርሻ ከፈሉ እንበል። ከእያንዳንዱ 300 ዶላር ይወጣል ማለት ነው። ከ`VOO` 90 ዶላር ተቀንሶ 210 ይደርስሻል። በ`CSPX` ውስጥ 45 ዶላር ተቀንሶ 255 ይቀራል። ልዩነቱ 45 ዶላር ነው። በሌላ በኩል የቫንጋርዱ ዓመታዊ ክፍያ 0.03 በመቶ ነው፣ የአይሼርሱ 0.07 በመቶ። በ20,000 ዶላር ላይ የአየርላንዱ 8 ዶላር ይበልጣል። 45 ተቆጥቦ 8 ወጣ፤ 37 ዶላር ለአንቺ ተረፈ። ብዙ ሰው ክፍያውን ብቻ አይቶ «VOO ይረክሳል» ይላል። ለአሜሪካ ነዋሪ እውነት ነው። ለአንቺ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ግራ መጋባት እንደሚመጣ አውቃለሁ። «የአየርላንዱ እኮ ምንም ዲቪደንድ አልላከልኝም» ትዪኛለሽ። `CSPX` የተቀበለውን የትርፍ ድርሻ ለባለድርሻው አይልክም፤ ውስጡ መልሶ አክሲዮን ይገዛበታል። ድርሻሽ ዋጋው ይጨምራል እንጂ ገንዘብ ወደ ሒሳብሽ አይገባም። ይህ ከ IE ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በየጊዜው የሚያከፋፍሉ የአየርላንድ ፈንዶችም አሉ፤ የእነሱም ኮድ IE ብሎ ነው የሚጀምረው። ይህን የምታውቂው ከፈንዱ ስም ነው፤ መጨረሻው ላይ `Acc` ካለ የሚያጠራቅም፣ `Dist` ካለ የሚያከፋፍል ነው።

ከዲቪደንዱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የውርስ ጉዳይ ነው። ስለ ሞት ማውራት ደስ እንደማይል አውቃለሁ፤ ግን ሰው አይነግርሽም። በአሜሪካ የተመዘገበ ኩባንያ ወይም ፈንድ ድርሻ በአሜሪካ ሕግ «አሜሪካ ውስጥ ያለ ንብረት» ነው፤ ባለቤቱ ዱባይ ይኑር አዲስ አበባ። አሜሪካዊም ነዋሪም ያልሆነ ሰው ሲሞት እንዲህ ያለ ንብረቱ ከ60,000 ዶላር በላይ ከሆነ ቤተሰቡ የአሜሪካን የውርስ ግብር መግለጫ ማቅረብ አለበት። የግብሩ ጣሪያ 40 በመቶ ነው። እስከዚያው ብሮከሩ ሒሳቡን ዘግቶ ከአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። እናትሽ ደሴ ተቀምጠው ይህን ሲያስጨርሱ ይታይሽ። የአየርላንዱ ፈንድ ድርሻ ግን፣ ውስጡ የአሜሪካ አክሲዮን ቢሞላም፣ የአየርላንድ ኩባንያ ድርሻ ስለሆነ በዚያ 60,000 ውስጥ አይቆጠርም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ከአሁን በኋላ የምትገዢውን ወደ IE አድርጊው። የ`VOO`ውን መሸጥ ከፈለግሽም በአሁኑ ሁኔታሽ ብዙ አያስከፍልሽም። አሜሪካ ነዋሪዋ ያልሆነን ሰው በአክሲዮን ሽያጭ ትርፍ ላይ በአብዛኛው አታስከፍልም፤ ኤምሬትስም ከግለሰብ የገቢ ግብር አትሰበስብም። የብሮከሩን ኮሚሽንና በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለችውን ልዩነት ብቻ አስቢ። ገንዘብሽ ከ60,000 ሩቅ ከሆነ ግን አትቸኩዪ፤ እንደያዝሽው መቆየትም ይቻላል።

ይህን ሲያነቡ ዋሽንግተንና ዳላስ ያሉ ወገኖች «እኛም ወደ IE እንሂድ» እንዳይሉ። ለአሜሪካ ግብር ከፋይ ነገሩ ተገልብጦ ነው። በውጭ አገር የተመዘገበ ፈንድ የያዘ አሜሪካዊ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በጣም ከባድ በሆነ የግብር ሥርዓት ውስጥ ይገባል፤ ፎርም 8621 የሚባል ራስ ምታትም አለው። አንቺም ብትሆኚ ዲቪ ከደረሰሽ፣ አሜሪካ ከመግባትሽ በፊት የአየርላንዱን ጉዳይ ከግብር ባለሙያ ጋር ጨርሺ። አውሮፓ ያሉት ደግሞ ምርጫው ብዙም የላቸውም። እዚያ ፈንዱ በሕጉ የሚፈለገውን አጭር መግለጫ ካላቀረበ ብሮከሩ ለተራ ደንበኛ አይሸጥም፤ አብዛኞቹ የ US ፈንዶችም አያቀርቡም። IE እና የሉክሰምበርጉ LU እዚያ የበዙት በከፊል ለዚህ ነው።

አሁን አሊባባ። እዚህ ላይ ነው «US ካየሁ የአሜሪካ ነው» የሚለው ሕግ የሚሰበረው፤ ስለዚህ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

የአሊባባ ሥራ ቻይና ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሃንግዡ ከተማ ነው። ኩባንያው ግን በሕግ የተመዘገበው በካይማን ደሴቶች ነው። የካይማን መለያ KY ነው፤ የኩባንያው መደበኛ አክሲዮንም አይሲኑ `KYG017191142` ነው። ሆንግ ኮንግ ገበያ ላይ የሚሸጠው እሱ ነው። ልብ በዪ፤ የሚሠራበት ቻይና፣ የሚሸጥበት ሆንግ ኮንግ፣ ፊደሉ ግን የሁለቱም አይደለም።

አንቺ የገዛሽው ኒው ዮርክ ላይ ነው፤ ኮድሽም `US01609W1027` ነው። ይህ አክሲዮኑ ራሱ አይደለም። አንድ ባንክ የካይማኑን አክሲዮን በአደራ ይዞ፣ በምትኩ ለአሜሪካ ገበያ የሚሆን የአደራ ደረሰኝ አውጥቷል። በገበያው ሰዎች አፍ ኤዲአር ይባላል። በአሊባባ ላይ አንድ ደረሰኝ 8 መደበኛ አክሲዮን ይወክላል። ደረሰኙ የወጣው አሜሪካ ነውና መለያው US ሆነ። ደንቡ ይኸው ነው፤ ለተራ አክሲዮን ፊደሉ የኩባንያውን ምዝገባ ይከተላል፣ ለአደራ ደረሰኝ ግን ደረሰኙን ያወጣውን ወገን ይከተላል።

ይህን አለማወቅ ሁለት ቦታ ላይ ያስቸግራል። አንደኛ፣ የዋጋ ንጽጽር። የሆንግ ኮንጉን ዋጋ ወደ ዶላር ቀይረሽ ከኒው ዮርኩ ጋር ብታነጻጽሪ የአንቺ በስምንት እጥፍ የተወደደ ይመስልሻል። ኮዶቹ መለያየታቸው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ሰነዶች ናቸው፣ በ8 ማካፈል አለብሽ። ሁለተኛ፣ ግብር። ኮዱ US ቢልም አሊባባ የአሜሪካ ኩባንያ አይደለም። የሚከፍለው የትርፍ ድርሻ ምንጩ አሜሪካ ስላልሆነ ያ 30 በመቶ አይነካውም፤ ባንኩ ለአደራ ጠባቂነቱ የሚቀንሳት ጥቂት ሳንቲም ግን ትኖራለች። ስለዚህ ለግብር ስትዪ US የሚሉትን መስመሮች በሙሉ ደምረሽ 60,000ውን እንዳትለኪ። መጀመሪያ ከስሙ ጎን `ADR` ወይም `ADS` የሚል መኖሩን እዪ። ካለ፣ ከጀርባው ያለው አክሲዮን አይሲን ምን ብሎ እንደሚጀምር ፈልጊ፤ ምዝገባውን የምታገኚው እዚያ ነው።

የእስራኤሉ የመድኃኒት አምራች ቴቫም እንዲሁ ነው። ቴል አቪቭ ላይ የሚሸጠው አክሲዮን `IL0006290147` ነው፣ ኒው ዮርክ ላይ ያለው ደረሰኝ `US8816242098`። ሌላው የእስራኤል ኩባንያ ቼክ ፖይንት ግን ናስዳክ ላይ የሚሸጠው መደበኛ አክሲዮኑ ስለሆነ ኮዱ `IL0010824113` ነው። ሁለቱም ኒው ዮርክ ላይ የሚሸጡ የእስራኤል ኩባንያዎች ናቸው፣ ፊደላቸው ግን ተለያየ። እስራኤል ያሉ አንባቢዎቻችን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢያዩዋቸው የደረሰኙ ነገር ወዲያው ይገባቸዋል።

በነገራችን ላይ አገሩ ቢፈርስም ፊደሉ አብሮ አይሞትም። የነዳጅ ጉድጓድ አገልግሎት ሰጪው ሽሉምበርገር አይሲኑ `AN8068571086` ነው። AN ኔዘርላንድስ አንቲልስ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ፈርሳለች። ኩባንያው የሚገኝበት ኩራሳው አሁን CW የሚል የራሷ መለያ አላት። ኮዱ ግን ከአገሪቱ መፍረስ በኋላም AN እንደያዘ ቀጠለ። ሰነዱ ካልተቀየረ ቁጥሩ አይነካም። በተቃራኒው ኩባንያው ራሱ ምዝገባውን ወደ ሌላ አገር ሲያዛውር አዲስ አይሲን ይሰጠዋል። አንድ ቀን ስቴትመንትሽ ላይ የያዝሽው ጠፍቶ፣ በተመሳሳይ ስም ሌላ ኮድ ያለው ከመጣ አትደንግጪ። የብሮከሩን መልእክት ሳጥን ክፈቺና ምዝገባ ተዛውሮ እንደሆነ አጣሪ።

የቀረው የቴሌግራሙ ቦንድ ነው። ያየሽው `XS1151974877` ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 ያወጣችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ ነው። ወለዱ 6.625 በመቶ፣ መክፈያው ዲሴምበር 11 ቀን 2024 ነበር። ተበዳሪዋ ኢትዮጵያ ሆና ሳለ ET ያላለው፣ ቦንዱ በኢትዮጵያ መዝገብ ስላልገባ ነው። የተቀመጠው በሁለቱ ዓለም አቀፍ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ግምጃ ቤቶች ነው፤ ብራስልስ ባለው ዩሮክሊርና ሉክሰምበርግ ባለው ክሊርስትሪም። በእነሱ በኩል የሚወጡ ዓለም አቀፍ ቦንዶች XS ይሰጣቸዋል። XS አገር አይደለም። በዓለም አቀፉ የአገር መለያ ዝርዝር ከXA እስከ XZ ያሉት ለየትኛውም አገር የማይሰጡ፣ ተጠቃሚዎች እንደፍላጎታቸው እንዲሠሩባቸው የተተዉ ናቸው። ስለዚህ XS ስታዪ «ይህ ሰነድ በአንድ አገር ሳይሆን በዓለም አቀፍ ግምጃ ቤት ተመዝግቧል» ብለሽ አንብቢው። ማን እንደተበደረ ከፊደሉ አታገኚም፤ ስሙን ማየት አለብሽ።

ይባስ ብሎ ይኸው ቦንድ ሌላም ኮድ አለው፤ `US29766LAA44`። ሲሸጥ በሁለት ክፍል ነበር። ከአሜሪካ ውጭ ለሚገዙ የተመደበው XS ተሰጠው። በአሜሪካ ውስጥ ለትልልቅ ተቋማት የተፈቀደው ደግሞ በአሜሪካ የቁጥር አሰጣጥ ገብቶ US ተባለ። አንድ ብድር፣ አንድ ወለድ፣ ሁለት አይሲን፤ አንዳቸውም ET አይሉም።

ET የምታዪው ሰነዱ በኢትዮጵያ ሲመዘገብ ነው፤ ለምሳሌ በአገር ቤት ሕግ የተቋቋመ ኩባንያ አክሲዮን አይሲን ሲሰጠው። የአዲስ አበባው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ከተከፈተ ወዲህ እንዲህ ያለው ጥያቄ እየበዛ ስለሚሄድ ፊደሉን ከወዲሁ እወቂው። EE ኢስቶኒያ ናት፣ ES ስፔን፤ አታምታቻቸው።

ቦንዱን ልግዛ ብለሽ ከሆነ ግን ቆም በዪ። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2023 የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች፤ ዋናው ገንዘብም በቀኑ አልተከፈለም። እንዲህ ያለ ወረቀት የሚገበያየው በተቋማት መካከል ነው። በቴሌግራም «ለዳያስፖራ በ500 ዶላር» እያለ የሚሸጥልሽ ሰው ካለ፣ ኮዱ እውነተኛ መሆኑ ሰውየውን እውነተኛ አያደርገውም። ማንም ሰው ትክክለኛ አይሲን ከኢንተርኔት ገልብጦ መለጠፍ ይችላል። ገንዘብሽ ቦንዱን የሚገዛው ፈቃድ ባለው ብሮከር ሒሳብ ውስጥ ያ ኮድ በስምሽ ሲታይ ብቻ ነው።

ሰውየው «አይ፣ ይህ ለሕዝብ የተዘጋጀው የአገር ውስጡ ነው» ብሎ XSን በET ቀይሮ ቢልክልሽ ደግሞ ካልኩሌተር ሳያስፈልግሽ ትይዥዋለሽ። የሒሳብ ሠራተኛ ነሽና ይህ ለአንቺ ምንም አይደለም። ፊደላቱን ወደ ቁጥር ቀይሪ፤ A 10 ነው፣ B 11፣ እያለ እስከ Z 35። X 33 ይሆናል፣ S ደግሞ 28። የመጨረሻውን አኃዝ ትተሽ ሌላውን ሁሉ በአንድ መስመር ደርድሪ። ከቀኝ ጀምረሽ የመጀመሪያውን በ2 አባዢ፣ ቀጣዩን እንዳለ ተዪ፣ ሦስተኛውን አባዢ፣ እንዲህ እያልሽ ወደ ግራ ሂጂ። ተባዝቶ ሁለት አኃዝ የሆነውን አኃዞቹን ደምሪ፤ 14 ቢመጣ 1 እና 4፣ 5 ይሆናል። ከዚያ ሁሉንም ደምረሽ እስከሚቀጥለው አሥር ስንት እንደጎደለ እዪ። የጎደለው የመጨረሻው አኃዝ መሆን አለበት።

```
XS115197487 -> 3328115197487 -> 63 -> 7
ET115197487 -> 1429115197487 -> 61 -> 9
```

እውነተኛው 63 መጣ፤ 70 ለመሙላት 7 ይጎድለዋል፣ ኮዱም በ7 ያልቃል። ፊደሉ ወደ ET ሲቀየር ድምሩ 61 ይሆናል፤ መጨረሻው 9 መሆን ነበረበት። እሱ የላከልሽ ኮድ በ7 ካለቀ ፊደሉን የቀየረው ራሱ ነው።